የእማዬ ኢንሱሊንና «የ2018» ደብዳቤ፦ መድኃኒት ይዛችሁ ድንበር ስትሻገሩ የሚሠሩ ስህተቶች

እማዬ ባለፈው መስከረም 20 እህቴን ልትጠይቅ ዱባይ ሄደች። ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን በቀን ሁለት ጊዜ ትወጋለች፣ ግፊትም አለባት። አራት ኪሎ ካለው ቤታችን ስትወጣ ሁሉም ነገር የተሟላ መስሎን ነበር። መድኃኒት አለ፣ መርፌ አለ፣ የሐኪም ደብዳቤ አለ፣ ደብዳቤው ላይ ማህተም አለ። በቃ።

እዚያ ስትደርስ ሻንጣዋ ተከፈተ። ፈታሹ ደብዳቤውን አነበበና ቀኑ ላይ ጣቱን አሳረፈ። 12/01/2018 ይላል። እኛ መስከረም 12 ነው ያልነው። እሱ ያነበበው ጥር 12 ቀን 2018፣ ያውም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ለእሱ ይህ ሰባት ዓመት ያለፈበት ወረቀት ነው። አራት ብልቃጥ ኢንሱሊንና ከመቶ በላይ ሲሪንጅ የያዙ አሮጊት፣ በእጃቸው ያለው ማስረጃ ደግሞ ያረጀ። አንድ ሰዓት ያህል ቆመች። እንግሊዝኛ አትችልም፣ እህቴ ደግሞ ውጪ በር ላይ ናት።

ያዳናት ምን መሰላችሁ? የፋርማሲው ደረሰኝ። የካሽ ሬጅስተር ማሽን ቀኑን በፈረንጅ ነው የሚያትመው። መድኃኒቱ ባለፈው ሳምንት መገዛቱን ደረሰኙ ላይ አዩና ለቀቋት። ደረሰኙ ኢንሱሊኑ ካርቶን ውስጥ የቀረው በአጋጣሚ ነው እንጂ አስበንበት አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ዘመድም ጎረቤትም ሲጓዝ እኔን ይጠይቀኛል። በየጊዜው የማየውን ስህተት አንድ በአንድ ልጻፈው። ምሳሌዬ ኢንሱሊንና ዱባይ ነው፣ ምክንያቱም የማውቀው እሱን ነው።

ቀኑንና ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ማጻፍ

ይሄ የመጀመሪያው ነው፣ ምክንያቱም እዚህ ሆነን ፈጽሞ አይታየንም። ሐኪሙም፣ መዝገብ ቤቱም፣ እኛም ቀኑን የምናነበው በአንድ ዓይን ነው። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ተጽፎ እንኳ ቀኑ የኢትዮጵያ ሆኖ ይቀራል፤ ምክንያቱም ቀንና ቁጥር የሚሞላው ደብዳቤውን የጻፈው ዶክተር ሳይሆን መዝገብ ቤት ያለው ሠራተኛ ነው፣ እሱ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ሲሞላ የዋለውን ቀን ነው የሚሞላው። ስለዚህ ከመዝገብ ቤት ከመውጣታችሁ በፊት እዚያው ቆማችሁ እዩት። የፈረንጁን ቀን አስጽፉ፣ ወሩም በቁጥር ሳይሆን በፊደል ይሁን። የእማዬ ትክክለኛው ቀን ሴፕቴምበር 22፣ 2025 ነበር። ወሩ በፊደል ቢጻፍ ማንም አይሳሳትም።

ሰዓቱም እንደዚያው ነው። እማዬ ጠዋት 1 ሰዓት ትወጋለች። ደብዳቤው ላይ «1:00» ተብሎ ከተጻፈ ለሌላው አገር ሰው ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንድ ሰዓት ነው። ፍተሻ ላይ ብዙም ችግር አያመጣ ይሆናል። እዚያ ታማ ሆስፒታል ብትገባና ነርሷ በዚህ ወረቀት ብትሠራ ግን ያስፈራኛል። ስለዚህ ሰዓት አታስጽፉ፣ «ከቁርስ በፊት፣ ከእራት በፊት» ይበል።

«ሜዲካል ሰርተፊኬት» አጽፎ መሄድ

ትልልቆቹ ሆስፒታሎች ሄዳችሁ «የሐኪም ወረቀት ፈልጌ ነበር» ካላችሁ የምታገኙት አብዛኛውን ጊዜ የታተመው ቅጽ ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥር፣ የበሽታው ስም፣ ከዚያ ደግሞ ስንት ቀን እረፍት እንደሚያስፈልግ። ይህ ለመሥሪያ ቤት የሚሰጥ ወረቀት ነው። መታመማችሁን ይናገራል፣ ስለያዛችሁት መድኃኒት ግን አንድም ቃል የለውም። የድንበር ፈታሽ የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው። ስለ ሕመማችሁ ዝርዝር ብዙም አይጨነቅም። የሚጠይቀው ሻንጣው ውስጥ ያለው ነገር ምንድን ነው፣ የማን ነው፣ ይህን ያህል ለምን በዛ፣ መርፌውስ ለምን አስፈለገ የሚለውን ነው።

ስለዚህ ዶክተሩን በግልጽ ንገሩት፦ «ለጉዞ ነው፣ የምይዘውን መድኃኒት በሙሉ ከነብዛቱ ይጻፉልኝ።» አንድ ገጽ ይበቃል። በእንግሊዝኛ ይሁን። ስማችሁ፣ የትውልድ ቀናችሁና የፓስፖርት ቁጥራችሁ ይግባበት። እያንዳንዱ መድኃኒት በንግድ ስሙ ሳይሆን በዋናው የመድኃኒት ስሙ ይጻፍ፤ እዚህ መርካቶ ድረስ የሚታወቅ የንግድ ስም ሌላ አገር ላይኖር ይችላል። ቀጥሎ ጥንካሬው፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ፣ በመጨረሻም ለጉዞው የሚያዘው ብዛት። መርፌ ካለ «ሲሪንጁና መድኃኒቱ ከታካሚዋ ጋር በእጅ ሻንጣ መሆን አለባቸው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ያስፈልጋል። ከታች የሐኪሙ ስም፣ የሙያ ፈቃድ ቁጥሩ፣ የሚነሳ ስልክ፣ ፊርማው፣ ቲተሩና የተቋሙ ክብ ማህተም።

ብዛቱን እንዴት እንደምታሰሉት በእማዬ ላሳያችሁ። ጠዋት 26፣ ማታ 14 ዩኒት ትወጋለች፤ በቀን 40 ማለት ነው። አንድ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት አለው፣ በጠቅላላ 1000። ስለዚህ አንድ ብልቃጥ 25 ቀን ይቆያታል። (ከተከፈተ በኋላ አንድ ወር ገደማ ነው ዕድሜው፣ ስለዚህ ሳይበላሽ ያልቃል።) የምትቆየው 60 ቀን ነው፣ 2400 ዩኒት፣ ሦስት ብልቃጥ ይበቃታል። አንዱ ቢሰበር ወይም በረራው ቢዘገይ ብለን አራተኛ ጨመርን። ሲሪንጅ በቀን ሁለት፣ 120፣ ከመጠባበቂያ ጋር 140። ደብዳቤው ላይ «4 ብልቃጥ፣ 140 ሲሪንጅ» ተብሎ ሲጻፍና ሻንጣው ውስጥም ልክ ይኼው ሲገኝ ፈታሹ የሚጠይቀው ነገር ያጣል። ደብዳቤው ሦስት ብሎ ሻንጣው ስምንት ከሆነ ግን ለንግድ ነው ብሎ ቢጠረጥር አትፍረዱበት። አሜሪካ ለምትሄዱ፣ የተለመደው ልክ ከ90 ቀን የማይበልጥ ነው።

ስምን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። የሆስፒታል ካርድ ላይ ብዙ ጊዜ የራስና የአባት ስም ብቻ ነው ያለው፣ የእንግሊዝኛ ፊደሉም ካርድ ክፍል ያለው ሰው እንደመሰለው ነው። ፓስፖርት ላይ አያትም አለ። የፓስፖርቱን ኮፒ ይዛችሁ ሂዱና ለዶክተሩ ስጡት፣ ፊደል በፊደል ከዚያ ይገልብጥ። «ወርቅነሽ» በእንግሊዝኛ ስንት ዓይነት ይጻፋል፣ አስቡት።

ክኒን በፖስታ፣ ማዘዣ ያለ ኮፒ

ፋርማሲ ስንሄድ 30 ክኒን ከታዘዘልን ስትሪፑ በመቀስ ተቆርጦ በትንሽ ወረቀት ፖስታ ይሰጠናል። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «1×2» ተጽፎ። ለቤት ምንም ችግር የለውም። ለጉዞ ግን ስም የሌለው፣ የማለቂያ ቀኑ ተቆርጦ የቀረ ክኒን ማለት ነው። ስትሪፕ ሲቆረጥ ስሙ አንዱ ጋር፣ ቀኑ ሌላው ጋር ይቀራል። ፋርማሲውን «ለውጭ ጉዞ ነው፣ ከነካርቶኑ ስጠኝ» በሉት። ከነማም ሆነ የግል ፋርማሲ፣ በትህትና ከተጠየቁ ሙሉ ፓኬት ካላቸው ይሰጣሉ። ካርቶኑ ላይ ስማችሁን የያዘ የፋርማሲ ወረቀት ቢለጥፉላችሁ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። እማዬ ቦታ ለመቆጠብ ብላ የግፊት ክኒኗን በሙሉ በአንድ የቫይታሚን ጣሳ ልትገለብጥ ስትል ነው የደረስኩባት።

ማዘዣውን በተመለከተ ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘነጋው አለ። ማዘዣው ፋርማሲው ጋር ይቀራል። መድኃኒቱን ተቀብላችሁ ስትወጡ እጃችሁ ላይ ማስረጃ የለም። ስለዚህ ወደ ፋርማሲ ከመግባታችሁ በፊት ኮፒ አድርጉት፤ የትኛውም ሆስፒታል በር ላይ ኮፒ ቤት አይጠፋም። ደረሰኙንም አትጣሉ። ለምን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ።

«በሐኪም የታዘዘ ነው» ብሎ መተማመን

አሁን ወደ ከባዱ ደረስን። እባካችሁ ይህን በደንብ አንብቡት።

ኢንሱሊን የትም አገር አያሳስርም። የሚያሳስረው ከኢንሱሊኑ ጎን ያለው ነው። ስኳር ለረጅም ጊዜ የቆየበት ሰው እግሩን ያቃጥለዋል፣ ይደነዝዘዋል፣ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳዋል። ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ፕሪጋባሊን ነው። ጉልበቷን ለሚያማት እናት ደግሞ ትራማዶል ይታዘዛል። ሁለቱም እዚህ ተራ መድኃኒት ይመስሉናል። የተባበሩት አረብ ኢምሬትስም ሆነ ሳዑዲ አረቢያ ግን ሁለቱንም ጥብቅ ቁጥጥር በሚደረግባቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብተዋቸዋል። ኮዴይን ያለበት የሳልና የሕመም ማስታገሻ፣ ዳያዜፓምም እንዲሁ። እነዚህን ይዞ ለመግባት ደብዳቤ ብቻ አይበቃም፤ ከጉዞው በፊት ከአገሩ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በኢንተርኔት ጠይቆ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። ለማመልከቻውም ማዘዣውና የሐኪም ደብዳቤው ስለሚያያዙ ወረቀቱ ቀድሞ ማለቅ አለበት።

እማዬ ፕሪጋባሊን 75 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ትወስድ ነበር። ለ60 ቀን 120 ካፕሱል ማለት ነው። እህቴ ናት ከዚያ ሆና «ይሄን ስም ዝርዝሩ ላይ አየሁት» ብላ የደወለችልን፣ በረራው አምስት ሳምንት ሲቀረው። ዶክተሯ ጋር ሄድን። ሁለት መንገድ አለ አሉን። ወይ ፈቃድ ማውጣት፣ ወይ በሌላ መቀየር። ለመቀየር ደግሞ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ፕሪጋባሊን ድንገት አይቆረጥም። በድንገት ሲቆም እንቅልፍ ማጣት፣ ላብ፣ ጭንቀት፣ ማቅለሽለሽ ያመጣል፣ ስለዚህ ቢያንስ በአንድ ሳምንት ውስጥ እየተቀነሰ ነው የሚቆመው። እኛ ሁለተኛውን መረጥን። ዶክተሯ የአገሩን ዝርዝር አይተው በሌላ መድኃኒት ቀየሩላት፣ መጠኑን ቀስ እያሉ ቀነሱላት፣ ከመሄዷ በፊትም ሁለት ሳምንት በአዲሱ መድኃኒት ቆይታ እግሯ እንዴት እንደሆነ አየን። እህቴ ያን ቀን ባትደውል ኖሮ 120 ካፕሱል ይዛ ነበር የምትገባው። አሁንም ሳስበው ሆዴን ይቆርጠኛል።

ስለዚህ ቲኬት ስትቆርጡ የመድኃኒታችሁን ዋና ስም በወረቀት ጻፉና የምትሄዱበት አገር የጤና ሚኒስቴር ወይም ኤምባሲ ምን እንደሚል እዩ። ዓለም አቀፉ የአደንዛዥ ዕፆች ቁጥጥር ቦርድም ለተጓዦች የየአገሩን ደንብ በድረ ገጹ ላይ አሰባስቦ አስቀምጧል። በመንገድ ላይ ከኤርፖርት ወጥታችሁ የምታድሩበት አገር ካለ የእሱንም እዩ። «ጎረቤቴ ይዛ ገብታለች፣ ምንም አላሏትም» የሚለውን አትስሙ። እሷ ሻንጣዋ አልተከፈተም ማለት ነው።

የሰው መድኃኒት በአደራ መያዝ

«አደራሽን፣ ለልጄ ይሄን አድርሽልኝ» ሲባል እምቢ ማለት ለእኛ ሰው ከባድ ነው። ግን መድኃኒት ከሆነ እምቢ በሉ። የሐኪም ደብዳቤያችሁ የሚሸፍነው የእናንተን ስምና የእናንተን መድኃኒት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 አንዲት እንግሊዛዊት 290 የትራማዶል ክኒን ይዛ ግብፅ ሁርጋዳ ገባች። ጀርባውን ለሚያመው ወዳጇ ነበር የያዘችው፣ ክልክል መሆኑን አላውቅም አለች። ሦስት ዓመት ተፈረደባት።

እማዬም ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት አንዲት ጎረቤታችን ትንሽ ፌስታል ይዘው መጡ። እኔ ነኝ የከፈትኩት። የሕመም ማስታገሻ ክኒኖች፣ ስም የለሽ፣ በፖስታ። «እትዬ፣ እማዬ ብትያዝ ለእርስዎም ለልጅዎም ጸጸት ነው የሚሆነው፣ የመድኃኒቱን ስም ይንገሩኝና እዚያው ሐኪም እንዲታይ ላድርግ» አልኳቸው። ተቀየሙኝ። በኋላ ግን ልጃቸው ራሱ ደውሎ አመሰገነኝ።

ከመድኃኒቱ ቦርሳ ውስጥ የፌጦ ዱቄት፣ የደረቀ ዳማከሴና የመሳሰለውንም አውጡት። ከመርፌ ጎን ስም የለሽ ዱቄት ሲገኝ ምን እንደሚመስል እናንተው ፍረዱ።

ኢንሱሊኑን ወይ ላጌጅ ውስጥ፣ ወይ በረዶ ላይ ማስቀመጥ

ከላጌጅ ጋር የገባ ኢንሱሊን ሦስት አደጋ አለበት። ሻንጣው ሊጠፋ ወይም በሌላ በረራ ሊመጣ ይችላል። ከአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ቅዝቃዜው ሊበረታ ይችላል። ዱባይ ደርሶ ደግሞ አስፋልት ላይ ፀሐይ ይቀቅለዋል። በእጅ ሻንጣ ብቻ ያዙት።

በረዶው ግን ከሙቀቱ የበለጠ የሚያበላሸው መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ቤት ውስጥ የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው፣ ፍሪዘር ውስጥ አይደለም። አንዴ ከረጋ ቢቀልጥም አይሠራም፣ ይጣላል። ከአዲስ አበባ ዱባይ በረራው አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከበር እስከ በር አሥር ሰዓት እንበል። ለዚህ ያህል በክፍል ሙቀት መቆየቱ ኢንሱሊንን አይጎዳውም። የአውሮፕላኑ ውስጥም ቀዝቀዝ ያለ ነው። እማዬ ብልቃጦቹን ከነካርቶናቸው በፎጣ ጠቅልላ ነው የያዘቻቸው፣ ያለ በረዶ፣ እንደደረሰች ፍሪጅ ገቡ። ረጅም ጉዞ ከሆነና ማቀዝቀዣ ጄል ከያዛችሁ በመሐሉ ወፍራም ጨርቅ ይግባ፣ ብልቃጡን አይንካው። አስተናጋጇንም «ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪልኝ» አትበሏት፤ በረዶ ላይ ልታደርገው ትችላለች፣ ስትወርዱም ይረሳል።

ተበላሽቶ እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? ድብልቁ 30/70 ከሆነ ብልቃጡን በሁለት መዳፋችሁ መሐል ቀስ አድርጋችሁ አንከባሉት። ደህና ከሆነ እንደ ወተት አንድ ዓይነት ነጭ ይሆናል። ቁርጥራጭ ከተንሳፈፈ ወይም ብልቃጡ ግድግዳ ላይ እንደ አመዳይ ከተጣበቀ አትውጉት። ንጹሕ ውኃ የሚመስለው ዓይነት ደግሞ ደፍረስ ካለ ይጣላል። ግን በዓይን ደህና መስሎም ኃይሉ የቀነሰ ይኖራል፤ በዚያው ምግብና በዚያው ዩኒት ስኳሩ ሁለት ሦስት ቀን ሽቅብ ከሄደ አዲስ ብልቃጥ ክፈቱ፣ ሐኪምም አማክሩ።

ፍተሻ ላይ ዝም ማለት

ቦሌ ተርሚናሉ በር ላይ አንድ ፍተሻ አለ፣ ወደ ውስጥ ደግሞ ሌላ። ሁለቱም ቦታ ማሽኑ መርፌውን ያሳያል። እነሱ አይተው ከሚጠሯችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፦ «ስኳር አለብኝ፣ ኢንሱሊንና መርፌ ይዣለሁ፣ ይኸው ደብዳቤው።» መድኃኒቱ ሁሉ በአንድ በሚያሳይ ፌስታል ይሁን፣ ደብዳቤው ላዩ ላይ። 100 ሚሊ ሊትር የሚለው የፈሳሽ ገደብ ለሐኪም መድኃኒት አይሠራም፣ ግን አሳዩት። ኤክስሬዩ ኢንሱሊኑን አያበላሸውም። ክንድ ላይ የሚለጠፍ የስኳር መለኪያ ወይም የኢንሱሊን ፓምፕ ያለባችሁ ግን ለፈታሹ ንገሩትና በእጅ እንዲፈትሻችሁ ጠይቁ፤ የብዙዎቹ አምራቾች በሰውነት ስካነሩ እንዳያልፉ ይመክራሉ። ስኳር ቢወርድባችሁ ደግሞ በጁስ ጠርሙስ ምክንያት ከመከራከር ኪሳችሁ ውስጥ ጥቂት ደስታ ከረሜላ ይኑር።

የተወጋበትን መርፌ የመቀመጫው ኪስ ውስጥ አትተዉ። እማዬ ክዳኑ የሚጠብቅ ወፍራም ፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛ ነበር፣ መንገድ ላይ የተጠቀመችበትን እዚያ ውስጥ ጣለች። ስትመለስ ብልቃጥ ተኩልና 20 ሲሪንጅ ተርፏት ነበር፣ አሁንም ከደብዳቤው ጋር። ደብዳቤው አዲስ ነው፣ እህቴ እዚያው ሐኪም ዘንድ ወስዳ ያጻፈችላት፣ ኖቬምበር ብሎ በፊደል።